ስልሳ መልእክት ተጻጽፈን ተስማማን፤ የመጨረሻዋን እንዴት ልጻፋት?

የጀሞዋ ልጅ | ረቡዕ ህዳር 10 ቀን 2018፣ ማታ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ጉዳዬ ትንሽ ናት፤ እንዳትስቁብኝ። ከጀሞ 2 ወደ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤት እየቀየርኩ ነው። አንድ የአይሱዙ ሹፌር በሰው በሰው አግኝቼ በቴሌግራም ስንጻጻፍ ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ቆጠርኩት፤ የእኔም የእሱም ተደምሮ ስልሳ ምናምን መልእክት ደርሷል።

መጀመሪያ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት አልን። እሱ ቀን ላይ ጭነት ይዞ መሄድ ያስቸግረኛል፣ ሌሊት ይሁን አለ። 11 ሰዓት አልን። ቀጥሎ እሁድ ሌላ ሥራ መጣበትና ወደ ቅዳሜ ዞረ። 11ዱም ወደ 10 ወረደ። ቦታውም እንደዚሁ ሲንከራተት ነው የከረመው። መጀመሪያ ጀሞ 1 ታክሲ መዞሪያው ጋ ተባለ፣ ከዚያ ጀሞ 2 አስፋልቱ ላይ፣ በመጨረሻ ግቢ ውስጥ ብሎካችን ድረስ እገባልሻለሁ አለኝ።

አሁን ሁሉም አልቋል። የማሰሪያዋን መልእክት ጽፌ ልልክ ስል ወንድሜ አይቶ «በዚች መልእክት ዕቃሽ ሜዳ ላይ ያድራል» ብሎ አስቆመኝ። ይኸውላችሁ፦

«ወንድሜ እሺ፣ እንደተባባልነው ቅዳሜ ሌሊት በ10 ቱሉ ዲምቱ። እግዜር ያክብርልኝ።»

ለእኔ ሁሉም ያለባት ይመስለኛል። ምን ጎደላት?

---

የጥሩ እናት | ረቡዕ፣ ማታ 2:31

ልጄ፣ እንኳን ቤት ለመቀየር አበቃሽ። ስንት ተስማማችሁ? ዋጋውን ሳታሳውቂን ደህና ነው አይደለም እንዴት እንልሻለን? እኔ ከሰሚት ወደ የካ አባዶ ስገባ መኪናው ርካሽ ነው ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ለካስ ማውረጃው ሌላ ነው። የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ዕቃውን እኛ ካላወረድን ብለው ሁለት ሰዓት ቆምን። ቁምሳጥኔ ፀሐይ ላይ ዋለ። እሱን አስቀድመሽ ጠይቂ።

---

የጀሞዋ ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 2:40

እማማ፣ አመሰግናለሁ። በዋጋው ተስማምተናል፣ እሱ ችግር የለውም። የጠየቅኩት ስለ መጨረሻዋ መልእክት አጻጻፍ ነው። የአውራጆቹን ነገር ግን እጠይቃለሁ።

---

ቀልደኛው ከለገጣፎ | ረቡዕ፣ ማታ 2:44

«እግዜር ያክብርልኝ» ጥሩ ነው፣ አትንኪው። የቀረውን በሙሉ ቀይሪው።

---

የአቃቂው ሾፌር | ረቡዕ፣ ማታ 3:05

እኔ ራሴ ኤን ፒ አር ነው የምነዳው፤ ቤት ማዘዋወር ግማሹ ሥራዬ ነው። ይቺ መልእክት ለእኔ ብትላክልኝ ምን እንደማደርግ ልንገርሽ፣ እህቴ።

ቅዳሜ ቀን ሠርቼ ማታ ቤቴ እገባለሁ። እራቴን በልቼ እተኛለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ተነስቼ ባዶ መኪና ይዤ ቱሉ ዲምቱ እመጣለሁ። አንቺ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት፣ አርብ ሌሊቱን ሙሉ፣ ጀሞ ላይ ዕቃሽን አሽገሽ ቁጭ ብለሽ አድረሻል።

ሁለት ስህተት ነው የሠራሁት፣ ግን ሁለቱም የእኔ አይደሉም። አንደኛው ቀኑ ነው። በእኛ አነጋገር «ቅዳሜ ሌሊት» ከቅዳሜ ቀን ቀጥሎ የሚመጣው ሌሊት ነው። ሰው ሌሊቱን ከዋለበት ቀን ጋር ነው የሚቆጥረው። ስልክሽ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ይቀይረዋል፤ ስለዚህ አርብ አምሽተሽ ከ6 ሰዓት በኋላ ስታዪው «ቅዳሜ» ይልሻል። አንቺ ስልኩን አይተሽ ትጽፊያለሽ፣ እኔ እንደ ልማዴ አነባለሁ። መሃላችን ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ አለ። ይሄ በእኔ ላይ ደርሷል፤ አንድ ሰውዬ ጎሮ ላይ ሲሰድቡኝ አደሩ፣ እኔ ቤቴ ተኝቻለሁ።

ሁለተኛው ቦታው ነው። የጭነት ሥራ ሁለት ቦታ አለው፣ የሚጫንበትና የሚራገፍበት። ሰዓቱ የተቆረጠው ለሚጫንበት ነው። አንቺ ሰዓቱን ጽፈሽ አጠገቡ ያስቀመጥሽው የሚራገፍበትን ነው። ጀሞ የሚል ቃል መልእክትሽ ውስጥ የለም።

---

የጀሞዋ ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 3:12

ኧረ ጉድ! ግን ጋሼ፣ ጀሞ መሆኑን እሱ እኮ ያውቃል። ስልሳ መልእክት ሙሉ ያወራነው ስለ እሱ ነው።

---

ፎዚያ ከቡራዩ | ረቡዕ፣ ማታ 3:30

እህቴ፣ ችግሩ ስልሳ መሆኑ ነው። እኔ የቢሮ ጸሐፊ ነኝ፤ ቀጠሮ ማስያዝ እንጀራዬ ነው። «እንደተባባልነው» የምትለዋ ቃል የስንቱን ስብሰባ እንዳበላሸች ብነግርሽ አታምኚም። እናንተ ውስጥ ስንት ነገር ተባብላችኋል? እሁድም ተባብላችኋል፣ ቅዳሜም። 12ም፣ 11ም፣ 10ም። ቦታው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ሹፌሩ የቅዳሜ ዕለት ወደ ላይ እየጎተተ ሲፈልግ ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈበትን ነው የሚይዘው።

የማሰሪያ መልእክት የምትጻፈው ከላይ ያለውን ጨርሶ ላላየ ሰው ነው። እኔ ሁልጊዜ ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ይቺን መልእክት ብቻ ቆርጠው ለሌላ ሰው ቢሰጡት፣ ሳይደውል በሰዓቱ በቦታው ይገኛል ወይ? ያንቺ አትሠራም።

---

የአቃቂው ሾፌር | ረቡዕ፣ ማታ 3:38

ፎዚያ ትክክል ነች። በእኛ ሥራ ደግሞ መልእክቷ ቃል በቃል ለሌላ ሰው ትሰጣለች። እኔ መኪናዬ ቢበላሽ ወይ ብታመም ሥራውን ለጓደኛዬ ነው የማስተላልፈው። ስልሳውን መልእክት አልልክለትም። የመጨረሻዋን ፎርዋርድ አድርጌ «ይቺን ሥራልኝ» ነው የምለው።

---

መምህር ዘሰበታ | ረቡዕ፣ ማታ 3:50

ይሄን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር አይታየኝም። በዓለም አቀፍ አጻጻፍ አድርጊው፣ ጥርጣሬ አይኖርም። «22/11/2025፣ 04:00» ብለሽ ጻፊ። ቀኑም ሰዓቱም አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። እኛ ሀገር ነገሩን የሚያወሳስበው ሰዓቱን በቃል መጻፋችን ነው።

---

የአቃቂው ሾፌር | ረቡዕ፣ ማታ 4:02

መምህር፣ በአክብሮት፣ ይሄ ለእኔ ቢላክ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው የምመጣው። ቁርሴን በልቼ፣ ሻዬን ጠጥቼ። 4 ለእኔ 4 ነው።

---

ፎዚያ ከቡራዩ | ረቡዕ፣ ማታ 4:10

22ም እንደዚሁ። አሁን ህዳር ላይ ነን። ሰው «22» ሲያይ ህዳር 22 ነው የሚለው፣ እሱ ደግሞ ከቅዳሜው ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። የእርስዎ 22 በእኛ ህዳር 13 ነው። አንዴ አለቃዬ ከውጭ ከመጡ እንግዶች ጋር «በ15» ብለው ተስማምተው፣ እነሱ በራሳቸው 15 መጡ። ወሩ የተጻፈበት ቦታ አልነበረም፤ ሁለቱም ወገን ትክክል ነበር። ቡና አፍልቼ ነው ያስታረቅኋቸው።

ግን መምህር ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የፈረንጁ ሰዓት አንድ ቦታ ላይ ይጠቅማል። ሹፌሩ ደወል የሚሞላው ስልኩ ላይ ነው፣ የብዙ ሰው ስልክ ደግሞ በፈረንጅ ነው። ስለዚህ ዋናውን በእኛ ትጽፊና አጠገቡ «ስልክህ ላይ ሌሊት 4:00» ትያለሽ። ሁለቱ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል።

---

መምህር ዘሰበታ | ረቡዕ፣ ማታ 4:15

ሁለቱንም መጻፍ የሚለውን እቀበላለሁ። 04:00 ግን አሁንም ግልጽ ነው ባይ ነኝ።

---

የጥሩ እናት | ረቡዕ፣ ማታ 4:20

እኛ በድሮው ጊዜ ሰዓትም ስልክም ሳይኖረን እንቀጣጠር ነበር። «አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ» ይባላል፤ በቃ ማንም አይሳሳትም። አሁን ልጆች አጥቢያ ሲባል የቤተ ክርስቲያን ብቻ ይመስላችኋል። ደግሞ ልጄ፣ አርብ ህዳር ሚካኤል ነው፤ «የሚካኤል ማግስት» ብለሽ ጻፊለት።

---

የአቃቂው ሾፌር | ረቡዕ፣ ማታ 4:31

እማማ ያሉት ወርቅ ነው። «አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ» ሁለቱንም ቀን ጠርቶ ሌሊቱን መሃል ላይ ያስቀምጠዋል፣ ማምለጫ የለውም።

ሁለት ነገር ግን ልጨምር። በእኛ አካባቢ ብዙ ሹፌር አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። አማርኛውን አሳምሮ ይናገራል፣ ግን አጥቢያ የምትለዋን ላይዝ ይችላል። እኔ ለእንደዚህ ዓይነቱ «አርብ ማታ ተኝተን፣ ቅዳሜ ሳይነጋ» ነው የምለው። ያን የማይገባው የለም።

«ሚካኤል» የምትለዋን ደግሞ ብቻዋን አትጻፊያት። አንቺ ያለሽው ጀሞ ነው። ጀሞ ሚካኤል የሚባል ቦታ አለ አይደል? «ሚካኤል 10 ሰዓት» ብሎ ያነበበ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ቆሞ ይጠብቅሻል።

---

ቀልደኛው ከለገጣፎ | ረቡዕ፣ ማታ 4:35

እኛ ሰፈር ደግሞ «ጣፎ» ያልከው ሰው አደባባዩ ጋ ይሁን፣ ኮንዶሚኒየሙ ጋ ይሁን፣ ለገጣፎ ከተማ ውስጥ ይሁን የሚያውቀው አምላክ ብቻ ነው። ፍቅረኛዬን ሁለት ጊዜ እንደዚህ አጥቻታለሁ። ሦስተኛው ላይ ራሷ ጠፋች።

---

የጀሞዋ ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 4:50

እሺ፣ አንድ ነገር ጠይቄ ልተኛ። ሰዓቱ ላይ 10 ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ አሁን ሳስበው እኔም አላውቀውም። እሱ ከቤቱ የሚነሳበት ነው? በር ላይ የሚደርስበት ነው? ወይስ ጭነን የምንወጣበት?

---

የአቃቂው ሾፌር | ረቡዕ፣ ማታ 5:01

ይሄን ራስሽ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ደንበኛ 10 ሲል መኪናው በር ላይ ቆሞ ማየት ይፈልጋል። ሹፌር 10 ሲል ብዙ ጊዜ ሞተር የሚያስነሳበት ነው። ከዚህ ልዩነት ብቻ አንድ ሰዓት ይበላል። ባለ ሁለት መኝታ ዕቃ ከሦስተኛ ፎቅ ለማውረድና ለመጫን ጥሩ ተሸካሚ ካለ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ 10 ላይ ካልደረሰ ሳይነጋ መውጣቱ ይቀራል፤ ሌሊት የመረጣችሁበት ምክንያት ገደል ገባ። «10 ሰዓት ላይ መኪናው ብሎኩ ፊት ቆሞ መጫን እንጀምራለን» ብለሽ ሥራውን ጥሪው። ሰዓቷን ብቻዋን አትተያት።

---

ፎዚያ ከቡራዩ | ሐሙስ ህዳር 11፣ ጠዋት 2:20

እንደምን አደራችሁ። ትናንት ሳልጨርስ ተኛሁ። ሁለት ነገር።

ስትጽፊ የቀረውን በስም ጠርተሽ ሻሪው። «እሁድ ያልነውና 11 ሰዓት ያልነው ቀርቷል» በይ። ዝም ካልሽው አሮጌው መልእክት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ከላክሽ በኋላ ደግሞ «እሺ» ቢልሽ እንዳትተኚ። እሺ ማለት አየሁት ማለት ሊሆን ይችላል። ሰምቻለሁም ሊሆን ይችላል፣ እየነዳሁ ነው አትነዝንዢኝም ሊሆን ይችላል። «ቀኑንና ሰዓቱን፣ የት እንደምትመጣ መልሰህ በራስህ አፍ ጻፍልኝ» በይው። ሰው በራሱ ቃል ሲጽፍ ነው ምን እንደገባው የሚታየው።

---

መምህር ዘሰበታ | ሐሙስ፣ ጠዋት 2:45

የቀረውን መጥራት የሚለው ላይ አልስማማም። ሰው መልእክት አያነብም፣ ያያል። «እሁድ» የሚል ቃል ካየ እሁድን ነው የሚይዘው። ተማሪዎቼን «ፈተናው ሰኞ አይደለም» ስላቸው ግማሾቹ ሰኞ ይመጣሉ። ትክክለኛውን ብቻ መጻፍ ይሻላል።

---

ፎዚያ ከቡራዩ | ሐሙስ፣ ጠዋት 2:58

እሱስ ልክ ነው፤ እኔም ደርሶብኛል። ግን ዝም ብዬም ደርሶብኛል። እኔ መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም በታች ነው የማስቀምጠው። መጀመሪያ ትክክለኛውን አንብቦ ይጨርስ።

---

የጀሞዋ ልጅ | ሐሙስ፣ ቀን 7:15

እንዳትቆጡኝ። ወንድሜ አስቆመኝ ብያችሁ ነበር፤ ግን ትናንት ማታ እዚህ ከመጻፌ በፊት ያቺን አጭሯን ልኬለት ነበር። እሱም «እሺ እህቴ» ብሎኝ ነበር። ዛሬ ፎዚያ ያለችውን አደረግኩ፤ «ወንድሜ፣ ምን እንደተስማማን በራስህ አጻጻፍ መልሰህ ጻፍልኝ» አልኩት። የጻፈልኝን ቃል በቃል ልስጣችሁ፦

«እሁድ ሊነጋ ሲል 10 ሰዓት ጀሞ 2 አስፋልቱ ላይ ነኝ»

እሁድ ሊነጋ ሲል! አስፋልቱ ላይ! ጋሼ እንዳሉት ቅዳሜን አልፎ ሄዷል። ብሎካችን ድረስ እገባለሁ ያለውንም ረስቶታል፣ ወይም ከላይ ያለውን አይቶ ነው። ኮሚቴው የሰጠኝ የዕቃ መውጫ ወረቀት ደግሞ ቀኑ ህዳር 13 ነው። እሁድ ቢመጣ ጥበቃው አያስወጣኝም ነበር።

አሁን የድሮዋን ኤዲት አድርጌ ላስተካክላት ነው።

---

ፎዚያ ከቡራዩ | ሐሙስ፣ ቀን 7:18

ኧረ እንዳታደርጊው! ኤዲት ስታደርጊ ቴሌግራም ለእሱ አይጮህለትም። ያነበበው መልእክት ተቀይሮ ቁጭ ይላል፣ እሱ ግን የሚያስታውሰው የድሮውን ነው። የድሮዋን ደልቺያት፣ ከእሱም በኩል እንድትጠፋ አድርገሽ። አዲሷን እንደ አዲስ ላኪ። ከዚያ በቴክስት ድገሚያት። ሹፌር ሌሊት መንገድ ላይ ዳታ ላይኖረው ይችላል፤ ቴክስት ግን ትገባለች።

---

የአቃቂው ሾፌር | ሐሙስ፣ ቀን 7:40

ሎኬሽን የምትልኪለት ከሆነም ተጠንቀቂ። ሥራ ቦታ ሆነሽ ያለሽበትን ከላክሽ ቢሮሽ ድረስ ነው የምንመጣው። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ሌሊት ቆሜ አውቃለሁ፤ ሴትየዋ ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሮ ነበር የላኩልኝ። ማራገፊያው ጋ የሚቀበለው ሰው ካለ፣ ቦታው ላይ ቆሞ እሱ ይላክ።

---

የጀሞዋ ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 1:50

ወንድሜ ከቱሉ ዲምቱ ቆሞ ሎኬሽኑን ላከው። እኔ ደግሞ ይቺን ጻፍኩ። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፣ እውነቴን ነው፦

«ሰላም ወንድሜ። ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ከላይ የተጻጻፍነውን ትተህ ይቺን ብቻ ያዝ።

አርብ ህዳር 12 ማታ ተኝተን፣ ቅዳሜ ህዳር 13 ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት። ስልክህ ላይ ቅዳሜ ሌሊት 4:00 የሚለው ነው። በዚህ ሰዓት መኪናው ቆሞ መጫን እንጀምራለን።

የምንጭነው ጀሞ 2 ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ ብሎክ 31 ፊት ለፊት። አስፋልቱ ላይ አይደለም። በዋናው በር ግባ፣ ጥበቃው እንዲከፍትልህ ነግሬዋለሁ። እኔ በር ላይ ነኝ።

የምናራግፈው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም። አደባባዩ ጋ አይደለም፣ የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ጋም አይደለም። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው የሙዝ ሻጮቹ ኮንቴይነር ጋ ነው። እዚያ ወንድሜ ይጠብቅሃል፤ ስልኩን ከዚህ በታች ልኬልሃለሁ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ እደውልልሃለሁ። የሚቀየር ነገር ካለ ደውልልኝ፣ በጽሑፍ ብቻ አንቀይር።

እሁድ ያልነው፣ 11 ሰዓት ያልነው፣ ጀሞ 1 ያልነው ሁሉ ቀርቷል።

ያነበብከውን ቀኑን፣ ሰዓቱንና መጫኛውን መልሰህ ጻፍልኝ።»

እሱም እንዲህ መለሰ፦ «አርብ ተኝተን ቅዳሜ ሳይነጋ 10። ጀሞ 2 ብሎክ 31 ውስጥ ድረስ። እሺ እህቴ አሁን ገባኝ ትናንት እሁድ መስሎኝ»።

---

የአቃቂው ሾፌር | ሐሙስ፣ ማታ 2:15

ይቺ መልእክት ለእኔ ብትመጣ ሳልደውል እመጣለሁ። 9 ተኩል ላይ እደውላለሁ ያልሽው ጥሩ ነው። ያ ስልክ የሚደወለው ለማስታወስ አይደለም፣ ለመቀስቀስ ነው።

---

መምህር ዘሰበታ | ሐሙስ፣ ማታ 2:30

ረዝማለች። ግን ከመለሰው ስናይ ገብቶታል። የቀረውን መጨረሻ ላይ መጻፍሽንም አይቻለሁ።

---

የጥሩ እናት | ሐሙስ፣ ማታ 2:41

አውራጆቹንስ ጠየቅሽ?

---

የጀሞዋ ልጅ | ቅዳሜ ህዳር 13፣ ከሰዓት 9:30

ገብተናል! ፍራሽ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

9 ተኩል ላይ ስደውል ተነስቶ ፊቱን እየታጠበ ነበር። 10 ሰዓት ከ10 ላይ ብሎኩ ፊት ቆመ። 11 ከሩብ ላይ ከግቢው ወጣን። መንገዱ ባዶ ነበር፣ እስከ ቃሊቲ የቆምነው አንዴ ብቻ ነው።

የተሳሳትነው ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው። ደግሞ ማንኛችሁም ሳታዩት ያለፈ ነገር ነው፣ እኔንም ጨምሮ። «የሙዝ ሻጮቹ ኮንቴይነር ጋ» ብዬ ጽፌ የለ? ቀን ላይ ሙዙ ውጭ ተሰቅሎ፣ ሰዉ ተኮልኩሎ ከሩቅ ይታያል። ከሌሊቱ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል ግን ሙዝ የሚባል ነገር የለም። የተዘጋ ቆርቆሮ ነው፣ መብራትም የለው፤ እንደሱ ያለ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ተደርድሯል። ሹፌሩ አልፎት ሄደ። ወንድሜ በሞባይል መብራት እያበራ ከኋላችን ሲሮጥ አየሁት።

---

የአቃቂው ሾፌር | ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9:52

እኔም አንብቤው አለፍኩት፤ ሰፈሩን ስለማውቅ ነው። ለሌሊት ቀጠሮ ሌሊት የሚታይ ነገር ነው የሚጻፈው። ማደያ መብራቱ ያድራል። መስጊድ ሚናራው ይታያል፤ ሊነጋ ሲል አዛኑም ይሰማል። ሱቅ፣ ጀበና ቡና፣ ሊስትሮ፣ የታክሲ ወረፋ ሌሊት የሉም።

---

ፎዚያ ከቡራዩ | ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10:05

ይሄን ለራሴም ያዝኩት። እንኳን ደስ አለሽ።

---

የጥሩ እናት | ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10:11

እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። አውራጆቹስ?

---

የጀሞዋ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10:20

መጡ፣ እማማ። አምስት ሆነው መጡ። እሱን ሌላ ቀን እነግርዎታለሁ፤ አሁን ቁምሳጥኑን ማን ፎቅ ላይ እንደሚያወጣው እየተከራከርን ነው።